ቮይስሜይል እንዴት ይከፈታል? መልእክቱስ ለምን ዘግይቶ ይደርሳል?

አሜሪካ ውስጥ ክሊኒክ፣ ቀጣሪ ወይም የጠበቃ ቢሮ ደውሎ ካላገኘዎት ቮይስሜይል ትቶ ወደሚቀጥለው ሰው ያልፋል። ደጋግሞ የሚደውል ጥቂት ነው። የቮይስሜይል ሳጥንዎን ካልከፈቱት ደግሞ ደዋዩ የሚሰማው የደወለለት ሰው ቮይስሜይል ገና እንዳልተከፈተ የሚናገር የእንግሊዝኛ ቅጂ ነው፤ ከዚያ መስመሩ ይዘጋል። ሳጥኑን መክፈት አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ለምሳሌ የወሰድኩት የቲ-ሞባይል መስመርን ነው፤ ሌሎቹም ኩባንያዎች ከጥቂት ቁጥሮች በቀር በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። ቮይስሜይል በመሠረቱ የሚቀመጠው ስልክዎ ውስጥ ሳይሆን የስልክ ኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው። ስልክዎ ቢጠፋም፣ ባትሪው ቢያልቅም፣ ኔትወርክ ባይኖርም መልእክቱ እዚያ ይቀዳል። እርስዎ ዘንድ የሚደርሰው «መልእክት አለዎት» የሚለው ማሳወቂያ ነው። ኋላ የምናየው መዘግየት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሳጥኑን መክፈት

1. የስልክ መደወያውን ይክፈቱና 1 ቁጥርን ተጭነው ይያዙ። በቲ-ሞባይል 123 ብሎ መደወልም ይቻላል፤ በቬራይዘን *86 ነው።
2. የይለፍ ቁጥር ከጠየቀዎት በቲ-ሞባይል መነሻው የስልክ ቁጥርዎ የመጨረሻ 4 አሃዞች ናቸው። ወዲያው ይቀይሩት፤ ቁጥርዎን የሚያውቅ ሁሉ ሊገምተው ይችላል። አዲሱን ቁጥር የሆነ ቦታ ይጻፉት። አንድ ቀን ከሌላ ስልክ ሊፈልጉት ይችላሉ።
3. ድምፁ የሚመራዎትን ተከትለው ሰላምታዎን ይቅረጹና ያስቀምጡ።

አይፎን ካለዎት የስልክ አፑ ውስጥ «Voicemail» የሚለውን ይንኩ። ገና ካልተከፈተ «Set Up Now» ይላል። የይለፍ ቁጥር እንዲያስገቡ፣ ከዚያም «Default» ወይም «Custom» እንዲመርጡ ይጠይቃል። «Default» የኩባንያው ድምፅ ነው፤ «Custom» የራስዎ። «Custom»ን ይምረጡ፣ ቀድተው ያዳምጡት፣ ከዚያ ያስቀምጡ። ሁለት ሲም ወይም ኢሲም ካለዎት እያንዳንዱ መስመር የራሱ ሳጥን አለው፤ አንዱን መክፈት ሌላውን አይከፍትም።

ሰላምታውን መቅረጽ

ብዙ ሰው «Default»ን ይተወዋል፣ ወይም ቁጥሩን ብቻ የሚያነብ ቅጂ ይመርጣል። እኔ አልመክርም፤ በተለይ ሕክምና የሚከታተል ሰው እንዲህ ማድረግ የለበትም። ክሊኒኮች የታካሚን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ስላለባቸው ሰላምታው ላይ ስም ካልሰሙ «መልሰው ይደውሉልን» ብቻ ብለው ሊዘጉ ይችላሉ። የቀጠሮው ቀንም ሆነ ምክንያቱ አይነገርዎትም።

ስለዚህ ስምዎን ይናገሩ፤ የሚናገሩትም ፋይሉ ላይ የተጻፈውን ስም ይሁን። ሰፈር የሚጠራዎት በቤት ስም ቢሆንም ስልኩን የያዘችው ሠራተኛ የምታነበው ፓስፖርትዎ ላይ ያለውን ነው። የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ከተመዘገበ እሱንም ይጨምሩ። ቀስ ብለው ይጥሩት፤ ለእርስዎ ቀላል የሆነው ስም ለሷ አዲስ ነው።

እንግሊዝኛውን ያስቀድሙ፣ አማርኛውን ያስከትሉ፤ የቢሮ ደዋይ የማያውቀውን ቋንቋ ቀድሞ ከሰማ የተሳሳተ ቁጥር መስሎት ሊዘጋ ይችላል። እንዲህ ቢሉ ይበቃል፦

«ሄሎ፣ ዚስ ኢዝ (ሙሉ ስምዎ)። ፕሊስ ሊቭ ዩር ኔም፣ ዩር ነምበር ኤንድ ኤ ሾርት ሜሴጅ። አይ ዊል ኮል ዩ ባክ።» ከዚያም፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ አሁን ስልኩን ማንሳት አልቻልኩም። ስምዎንና ቁጥርዎን ይተዉልኝ፣ መልሼ እደውላለሁ።»

ሁለቱም ተደምረው ከ20 ሰከንድ ባይበልጡ ይመረጣል። መቅጃውን ሲነኩ ወዲያው ይናገሩ፤ መጀመሪያው ላይ ረጅም ዝምታ ካለ ደዋዩ የተቋረጠ ይመስለዋል። መኪና ውስጥ መስኮት ከፍተው አይቅዱ፤ ድምፁ በስልክ መስመር ሲያልፍ ነፋሱ ከእርስዎ ድምፅ በልጦ ይሰማል። ሲጨርሱ ከሌላ ስልክ ወደ ራስዎ ደውለው ያዳምጡት። አፑ ላይ ጥርት ብሎ የሚሰማው ቅጂ በመስመር ላይ ተቆራርጦ ሊገኝ ይችላል።

«ሳልደርስበት ይዘጋል» ለሚሉ

ስልኩን ከቦርሳ እስኪያወጡ ደዋዩ ወደ ቮይስሜይል የሚሄድ ከሆነ የመጥሪያውን ጊዜ ማራዘም ይቻላል። በቲ-ሞባይል መስመር መጀመሪያ ይህን ይደውሉ፦

```
*#61#
```

ያልተነሳ ጥሪ የሚተላለፍበት ቁጥር ስክሪኑ ላይ ይወጣል። እሱን ይጻፉና ከታች NUMBER ባለበት ቦታ አስገብተው ይደውሉ፦

```
**61*NUMBER**30#
```

30 ሰከንዱ ነው። በ5 በ5 እየጨመረ የሚሄድ ሲሆን ጣሪያው 30 ነው። ቬራይዘን ይህን ኮድ አይጠቀምም፤ ለደንበኛ አገልግሎት ደውሎ ማስቀየር ያስፈልጋል።

መልእክቱ ለምን ይዘገያል?

በአንድ ምሳሌ እንከተለው። ዋሽንግተን ውስጥ ከምድር በታች ባለ ፓርኪንግ የሚሠራ ሰው አለ እንበል። ታች ኔትወርክ የለም። በስልኩ ሰዓት 10:12 ላይ ክሊኒኩ ይደውላል። ኔትወርኩ ስልኩን ይፈልጋል፣ አያገኘውም፣ ጥሪውን ወደ ቮይስሜይል ያሳልፈዋል። ነርሷ 40 ሰከንድ ተናግራ ትዘጋለች።

የዚህ ሰው ስልክ አልጮኸም። ጥሪው ስልኩ ጋ ስላልደረሰ የጥሪ ዝርዝሩ ላይ ሚስድ ኮል አይመዘገብም። «ቮይስሜይል አለ፣ ሚስድ ኮል ግን የለም» ብለው ግራ የሚጋቡ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው፤ ደዋዩ አልዋሸም፣ ስልኩም አልተበላሸም።

10:13 ላይ ሰርቨሩ ማሳወቂያ ይልካል። ማሳወቂያው ከውስጡ ሲታይ ቴክስት ነው፤ የሚሄደውም ማንኛውም ቴክስት በሚያልፍበት የመልእክት ማዕከል በኩል ነው። ማዕከሉ ስልኩን ሲያጣው መልእክቱን ያቆየዋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እንደገና ይሞክራል፤ አሁንም ካጣው በሙከራዎቹ መካከል ያለው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ሰውየው 12:30 ላይ ለምሳ ወደ ላይ ሲወጣ ስልኩ ኔትወርክ ያገኛል። ኔትወርኩ ያኔ «ሰውየው ተመልሷል» ብሎ ለማዕከሉ ማስታወቅ አለበት፤ አብዛኛውን ጊዜም ያስታውቃል፣ ማሳወቂያውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ያ ምልክት ካልደረሰ ግን ማዕከሉ ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል። ተራው 1:30 ላይ ከሆነ ሰውየው ምሳውን ጨርሶ ወደ ታች ወርዷል፤ መልእክቱ እንደገና ያልፈዋል።

ማሳወቂያው ከደረሰም በኋላ አንድ እርምጃ ይቀራል። መልእክቶቹ ዝርዝር ሆነው የሚታዩበት አፕ ማሳወቂያው እንደደረሰው ወደ ሰርቨሩ ገብቶ ድምፁን በዳታ ያወርዳል። ሞባይል ዳታ ከጠፋ፣ ቪፒኤን መንገዱን ከዘጋ ወይም በአፑና በሰርቨሩ ያለው የይለፍ ቁጥር ካልተዛመደ ማሳወቂያው ይመጣል፣ ድምፁ ግን አይመጣም። ዋይፋይ ላይ ስለሆኑ ብቻ ይወርዳል ብለው አይተማመኑ፤ አንዳንድ መስመሮች ለዚህ የራሳቸውን ሞባይል ዳታ ይፈልጋሉ።

የት እንደዘገየ ለማወቅ 1 ቁጥርን ተጭነው ይያዙና በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይደውሉ። ስርዓቱ መልእክቱ የገባበትን ሰዓት ይናገራል። «10:13» ካለና ማሳወቂያው 1:30 ላይ ከመጣ የዘገየው ማሳወቂያው ነው። በቀጥታ ሲደውሉ ከተሰማና አፑ ላይ ከሌለ ችግሩ ዳታው ወይም አፑ ነው። ሳጥኑ ውስጥም ከሌለ መልእክት አልተተወም፣ ወይም ሳጥኑ ሞልቷል። የሞላ ሳጥን አዲስ አይቀበልም፤ ያዳመጡትን ያጥፉ።

አይፎን ላይ አንድ የተለየ ነገር አለ። ከ2023 ወዲህ በመጣው «Live Voicemail» ስልኩ በርቶ ኔትወርክ ካለው መልእክቱን የሚቀዳው ስልኩ ራሱ ነው። እንዲህ የተቀዳው 1 ቁጥርን ይዘው ሲደውሉ አይገኝም፤ አፑ ላይ ይፈልጉት። ደዋዩ ሲናገር ጽሑፍ ሆኖ ይወጣል፤ እናትዎ በአማርኛ ትተውልዎት ከሆነ ግን ጽሑፉን ትተው ድምፁን ያዳምጡ።

ምድር ቤት ወይም ኔትወርክ የማይገባው ሕንፃ ውስጥ የሚውል ሰው ወደ ላይ ሲወጣ ኤርፕሌን ሞድን ለ10 ሰከንድ አብርቶ ያጥፋ። ስልኩ እንደ አዲስ ይመዘገባል፣ የተያዘው ማሳወቂያም ብዙ ጊዜ ያኔ ይገባል። ወሳኝ ጥሪ የሚጠብቅ ከሆነ ግን ማሳወቂያ ሳይጠብቅ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይደውል። ሕንፃው ዋይፋይ ካለው «Wi-Fi Calling» ማብራት ከሁሉም ይሻላል፤ ጥሪው ራሱ ይገባል። ስልኩ ሳይጮህ ሚስድ ኮል የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ «Silence Unknown Callers» ወይም «Do Not Disturb» በርቶ እንደሆነ ይዩ። የክሊኒኩ ቁጥር ስልክዎ ላይ ካልተመዘገበ የመጀመሪያው ድምፁን ያጠፋዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ከዘገየ የደንበኛ አገልግሎቱ ሳጥኑን እንደ አዲስ ሊከፍተው ይችላል። ከመፍቀድዎ በፊት የሚፈልጉትን መልእክት ሁሉ ያስቀምጡ፤ አሮጌዎቹ መልእክቶችና ሰላምታው አብረው ሊጠፉ ይችላሉ።

አዲስ አበባ ሄደው የአሜሪካውን ሲም አውጥተው የአገር ቤት ሲም ካስገቡ የአሜሪካ ደዋዮችዎ በቀጥታ ወደ ሳጥኑ ይገባሉ፤ እርስዎ ግን ሲሙን እስኪመልሱ ምንም አያዩም። እስከዚያ ከማንኛውም ስልክ ወደ ራስዎ የአሜሪካ ቁጥር ይደውሉ፤ በኢንተርኔት ወደ መደበኛ ቁጥር የሚደውል አፕ ከሆነ ዋጋው ይቀንሳል። ሰላምታዎ ሲጀምር * ይጫኑና የይለፍ ቁጥሩን ያስገቡ፤ በቬራይዘን የሚጫኑት # ነው። ሳጥኑ መልእክት የሚያቆየው ለተወሰኑ ቀናት ስለሆነ ጉዞው ረጅም ከሆነ በየሳምንቱ ያዳምጡ።