ዳታው በመጨረሻ ሰዓት ሲታረም፦ የአብስትራክቱን ቁጥሮች ከሪግሬሽኑ ውጤት ጋር እንዴት ማመሳከር ይቻላል?

ጽሑፉ አልቋል ተብሏል። አብስትራክቱን ሁሉም አይተው ተስማምተውበታል። ከዚያ ዳታውን የሚይዘው ሰው ይደውልና «ዘጠኝ ሰዎች ሁለት ሁለት ጊዜ ተመዝግበው አግኝቻለሁ፤ ጎድሎ የነበረው የስድስት ሰዎች ዕድሜም ተሟልቷል» ይላል። ሞዴሉ እንደገና ይሠራል፣ ሠንጠረዦቹም ይቀየራሉ።

አብስትራክቱ ግን ብዙ ጊዜ ባለበት ይቀራል። ሠንጠረዡን ሶፍትዌሩ ሊያወጣው ይችላል። የአብስትራክቱን ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሰው ነው በእጁ የሚጽፈው። ማንም ካልነካው በራሱ አይታረምም። አብዛኛው አንባቢ ደግሞ ከአብስትራክቱ አያልፍም።

ሥራውን በአንድ ምሳሌ እንየው። ጥናቱም ቁጥሮቹም ለማሳያ የፈጠርኳቸው ናቸው። ጥያቄው «በስልክ ማስታወሻ የደረሳቸው ታካሚዎች ከቀጠሮ የመቅረት ዕድላቸው ያንሳል ወይ?» የሚል ነው እንበል። የቀድሞው አብስትራክት እንዲህ ይላል፦

«በጥናቱ 1,248 ታካሚዎች ተካተዋል። ከነዚህም 312ቱ (25.0%) ከቀጠሯቸው ቀርተዋል። በሪግሬሽን ትንተናው (1,201 ታካሚዎች) የስልክ ማስታወሻ ከቀጠሮ የመቅረትን ኦድስ በ29% ቀንሷል (ኦድስ ሬሾ 0.71፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል 0.52–0.97፤ ፒ ቫልዩ 0.03)።»

1. መጀመሪያ ዳታውን ዝጉ፣ ከዚያ ሁሉንም ከባዶ አስኪዱ

የታረመውን ፋይል አዲስ ስም ስጡትና ከዚያ በኋላ ማንም እንዳይነካው አድርጉ። እርማቱ ገና እየተንጠባጠበ ከሆነ ማመሳከር አትጀምሩ፤ ድካም ብቻ ነው።

ቀጥሎ ሶፍትዌሩን ዘግታችሁ እንደገና ክፈቱና ኮዱን ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አስኪዱት። ይህን የምለው ለወግ አይደለም። R ሲዘጋ የነበረውን ሁሉ በ`.RData` ካስቀመጠ፣ ከዚያው ፎልደር በድጋሚ ሲከፈት መልሶ ይጭነዋል፤ ስለዚህ ከመክፈታችሁ በፊት ያንን ፋይል አጥፉት። አዲሱ ሞዴል በሆነ ስህተት ሳይሠራ ቢቀር፣ `m` የተባለው አሮጌ ሞዴል እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ውጤቱን ስትጠይቁት ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ የድሮውን ያወጣላችኋል። ስታታ የምትጠቀሙ ከሆነ ኮዳችሁ በ`clear all` ይጀምር።

```r
d <- read.csv("data_final.csv")
m <- glm(missed ~ reminder + age + sex, data = d, family = binomial)
nrow(d); nobs(m); table(d$missed)
round(exp(cbind(OR = coef(m), confint.default(m))), 4)
summary(m)
```

ውጤቱን ከነሰዓቱ በፋይል አስቀምጡ። የውጤቱ ፋይል ከዳታው ፋይል ቀድሞ የተሠራ ከሆነ የያዛችሁት የድሮውን ነው።

2. በአብስትራክቱ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ልቀሙ

አብስትራክቱን አትሙትና ቁጥር ባያችሁበት ሁሉ በእስክሪብቶ ክበቡ። በፊደል የተጻፉትንም አትለፉ፤ «ሩብ ያህሉ»፣ «ከግማሽ በላይ»፣ «በእጥፍ» የሚሉት ሁሉ ቁጥር ናቸው። የጥናቱ መጀመሪያና ማብቂያ ቀን ሳይቀር ይካተት። ከተሰረዙት መዝገቦች አንዱ የመጨረሻው ቀን ላይ የተመዘገበ ከሆነ ቀኑም ይቀየራል።

ከዚያ የእያንዳንዱን ምንጭ ከጎኑ ጻፉ። «ከሠንጠረዥ 2» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ ሠንጠረዡ ራሱ ያልታረመ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ከሶፍትዌሩ የወጣው ውጤት ይሁን። የኛ ምሳሌ ይህን ይመስላል፦

| የቀድሞው | ምንጩ | አዲሱ |
|---|---|---|
| 1,248 | የዳታው ረድፍ ብዛት | 1,239 |
| 312 (25.0%) | የቀሩት ቆጠራ | 308 (24.9%) |
| 1,201 | `nobs(m)` | 1,200 |
| 0.71 | ኦድስ ሬሾ | 0.7391 |
| 0.52–0.97 | ኢንተርቫሉ | 0.5403–1.0110 |
| 0.03 | ፒ ቫልዩ | 0.0586 |
| 29% | ከኦድስ ሬሾው የተሰላ | 26% |

ሦስተኛውን ረድፍ ልብ በሉት። 1,201 ወደ 1,200 ነው የተቀየረው። ዓይን ቶሎ ብሎ የሚያልፈው እንዲህ ያለውን ነው። «ያው ነው፣ አንድ ሰው ነው የቀነሰው» ሊባል ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

በፊት ከ1,248 ሰዎች 47ቱ ዕድሜያቸው ስላልታወቀ ወይም ሌላ መረጃ ስለጎደላቸው ከሞዴሉ ወጥተው ነበር። 1,201 የመጣው ከዚያ ነው። አሁን ዘጠኝ ተደጋጋሚ መዝገቦች ተሰረዙ። ሁለቱ ድሮም መረጃ የጎደላቸው ስለነበሩ ሞዴሉ ውስጥ አልነበሩም። ስለዚህ ከሞዴሉ የወጡት ሰባት መዝገቦች ናቸው። በሌላ በኩል ጎድሎ የነበረው ዕድሜያቸው የተሟላላቸው ስድስት ሰዎች ገቡ። ሰባት ወጥተው ስድስት ገቡ፣ ልዩነቱ አንድ ሆነ። በሞዴሉ ብቻ አሥራ ሦስት መዝገቦች ተነክተዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ ወረቀት ላይ ሠርታችሁ ካልገጠመላችሁ እርማቱ በትክክል አልገባም፤ ወደፊት አትሂዱ።

3. ካልተጠጋጋው ቁጥር አንድ ጊዜ ብቻ አጠጋጉ

በሠንጠረዡ አራት ዴሲማል የያዝኩት በምክንያት ነው። ሶፍትዌሩ 0.7449 አውጥቶ ከሆነ በሁለት ዴሲማል 0.74 ነው። አንድ ሰው መጀመሪያ ወደ 0.745 ቢያጠጋጋው፣ ሌላው ከዚያ ተነስቶ 0.75 ይለዋል። ሁለቱም በየፊናቸው ልክ ናቸው፤ አብስትራክቱ ግን ተሳሳተ።

መቶኛውንም ከምንጩ አስሉ። 308 ለ1,239 ሲካፈል 24.86% ነው። አካፋዩን መርሳት የተለመደ ነው፤ የላዩ ቁጥር ታርሞ የታችኛው የድሮው ይሆናል።

የኢንተርቫሉ ጫፍ 0.997 ሆኖ ፒ ቫልዩው 0.045 ከሆነ በሁለት ዴሲማል 1.00 ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢም ግራ ይጋባል። እንዲህ ሲሆን ሦስት ዴሲማል ጻፉ።

4. ቁጥሮቹ እርስ በርሳቸው ይስማሙ እንደሆነ ፈትኑ

ይህን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔ ግን ከሁሉም የምወደው እሱን ነው፤ ውጤቱን ሳይከፍቱ በስልክ ካልኩሌተር ብቻ ግማሹ ታርሞ ግማሹ የቀረን ቁጥር ያጋልጣል።

የኦድስ ሬሾ ኢንተርቫል በሎግ ሚዛን ሲታይ ግራ ቀኙ እኩል ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን ብትወስዱ ኦድስ ሬሾውን ማግኘት አለባችሁ። በአዲሱ ውጤት 0.54 ሲባዛ በ1.01 ወደ 0.545 ይመጣል፤ ስኩዌር ሩቱ 0.74 ነው። ይገጥማል።

አሁን አንዱ ጸሐፊ በጥድፊያ ኦድስ ሬሾውን ብቻ አርሞ «0.74 (0.52–0.97)» ብሎ ተወው እንበል። 0.52 ሲባዛ በ0.97፣ ስኩዌር ሩቱ 0.71 ነው። 0.74 የለም! ኢንተርቫሉ የድሮው እንደሆነ ወዲያው ታወቀ።

ፒ ቫልዩውንም በቀላሉ መፈተን ይቻላል። 95% ኢንተርቫሉ 1ን ካካተተ ፒ ቫልዩው ከ0.05 በላይ፣ ካላካተተ በታች መሆን አለበት። «0.54–1.01፤ ፒ ቫልዩ 0.03» የሚል ካያችሁ አንዱ አልታረመም።

ገደብም አለው። ይህ ስሌት በትክክል የሚሠራው ዋልድ ለሚባለው ኢንተርቫል ነው፤ በR `confint.default` የሚሰጠው ማለት ነው። ተራው `confint` በ`glm` ላይ በሌላ ዘዴ ነው የሚያሰላው፣ ስለዚህ ትንሽ ልዩነት ሊታይ ይችላል። በፊት በአንዱ፣ አሁን በሌላው ካሰላችሁ ደግሞ ዳታው ባይነካ እንኳ ጫፎቹ ይንቀሳቀሳሉ። የቱን እንደተጠቀማችሁ ከኮዱ አረጋግጡ።

5. የንጽጽሩ አቅጣጫ አለመገልበጡን እዩ

ዳታ የሚያርመው ሰው አንዳንዴ ስያሜዎችንም «ያሳምራል»። ማስታወሻ ያልደረሳቸው `no`፣ የደረሳቸው `yes` ተብለው ነበር እንበል። በአዲሱ ፋይል የደረሳቸው `reminder`፣ ያልደረሳቸው `without` ሆኑ። R በጽሑፍ ከተሞላ ቫሪያብል መነሻ ቡድን ሲመርጥ በፊደል ተራ የሚቀድመውን ይወስዳል። በፊት መነሻው ያልደረሳቸው ነበሩ፤ አሁን የደረሳቸው ይሆናሉ። ኦድስ ሬሾውም 0.74 መሆኑ ቀርቶ 1.35 (0.99–1.85) ይወጣል።

ምልክቱ ቀላል ነው፤ 1ን ለ0.74 አካፍሉት፣ 1.35 ይመጣል። ዳታው አልተበላሸም፣ ጥያቄው ነው የተገለበጠው። ቫሪያብሉን መጀመሪያ በ`factor` ቀይሩት፣ መነሻውንም በ`relevel` ራሳችሁ ወስኑና ጨርሱት።

6. ቁጥሩ ሲቀየር ዓረፍተ ነገሩንም ጠይቁት

በኛ ምሳሌ ትልቁ ለውጥ ከ0.71 ወደ 0.74 መሄዱ አይደለም። ኢንተርቫሉ 1ን ተሻግሯል። «ማስታወሻው ኦድሱን በ29% ቀንሷል» የሚለውን «በ26% ቀንሷል» ብሎ ማለፍ አይቻልም። «ማስታወሻው ምንም ለውጥ አያመጣም» ማለትም ልክ አይደለም። ከ0.54 እስከ 1.01 የሚዘረጋ ኢንተርቫል ትልቅ ቅናሽንም፣ ምንም ለውጥ አለመኖርንም አያስወግድም። እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ማስታወሻ በደረሳቸው ታካሚዎች ከቀጠሮ የመቅረት ኦድስ ዝቅ ያለ ነበር (ኦድስ ሬሾ 0.74፤ 95% ኮንፊደንስ ኢንተርቫል 0.54–1.01፤ ፒ ቫልዩ 0.06)፤ ሆኖም ግምቱ ልዩነት የለም የሚለውን አያስወግድም።»

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣል። «አንድ ቫሪያብል ብንጨምርስ? ፒ ቫልዩውን ከ0.05 በታች ልንመልሰው እንችላለን» የሚል ሰው አይጠፋም። የዳታ እርማት ሞዴሉን ለመቀየር ምክንያት አይሆንም። በቀድሞው ሞዴል የወጣውን ጻፉ፣ የመደምደሚያውን መስመርና ርዕሱንም በዚያው ልክ አስተካክሉ። «ይቀንሳል» የሚል ግስ ርዕስ ውስጥ ተደብቆ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው።

7. ቁጥሮቹን ላልጻፈ ሰው ስጡ

ራሳችሁ የጻፋችሁትን ስታነቡ ዓይናችሁ የሚያየው የሚጠብቀውን ነው። አንድ ሰው አብስትራክቱን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ጥሬውን ውጤት ይዞ «አዎ» ወይም «ቆይ» ይበል። አሥር ደቂቃ ቢፈጅ ነው።

ከዚያ አብስትራክቱ የተቀመጠባቸውን ቦታዎች ሁሉ ዙሩ። በጽሑፉ ፋይል ውስጥ ታርሞ፣ በመጽሔቱ ማስገቢያ ቅጽ ላይ ለብቻው የተለጠፈው የድሮው ሆኖ ይቀራል። ለአርታኢው የተጻፈው ደብዳቤ፣ የጉባኤ ፖስተሩና በቀላል ቋንቋ የተዘጋጀው ማጠቃለያም አሉ። በእያንዳንዱ ፋይል የድሮዎቹን ቁጥሮች ራሳቸውን ፈልጉ፦ 1,248፣ 1248፣ 0.71፣ 29%። ከነኮማውም ያለ ኮማውም መፈለጉን አትርሱ፤ አንዱ ባይገኝ ሌላው ሊገኝ ይችላል።