ጥያቄው ከላይ፣ ታሪኩ ከታች

የፕሪንተር ግዢ እንዲጸድቅ ለሥራ አስኪያጃችን የተላከው ኢሜይል መልስ አጣ። ጥያቄው ያለው መጨረሻው አንቀጽ ላይ ነው። እሳቸው ደግሞ ኢሜይል የሚያዩት በስልክ ነው፤ ሳይከፍቱት የሚታያቸው ርዕሱና «እንደሚታወቀው ባለፈው ዓመት...» የሚለው ጅማሬ ብቻ ነበር።

ጥያቄውን ቆርጬ ከሰላምታው ሥር ለጠፍኩት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩ «ስለዚህ ከላይ የተጠቀሰው ግዢ...» ይል ነበር፤ አሁን ከላይ የተጠቀሰ ነገር የለም። «ስለዚህ»ን አውጥቼ ዕቃውን በስሙ ጠራሁት፦

«የ2 ፕሪንተሮችን ግዢ እስከ ሐሙስ እንዲያጸድቁልን እጠይቃለሁ። የፕሮፎርማው ዋጋ የሚጸናው እስከ ዓርብ ነው።»

ርዕሱም «ለማጽደቅ፦ 2 ፕሪንተሮች፣ እስከ ሐሙስ» ሆነ። «እንደሚታወቀው» ብሎ የሚጀምረው የብልሽት ታሪክ እንዳለ ከታች ቀረ። በዚያው ቀን ጸደቀልን። ተቀባዩ የማያውቀን ሰው ቢሆን ግን ማን እንደሆንን የሚገልጽ አንድ መስመር አስቀድም ነበር።