ላይኩ ሞልቶ ወንበሩ ባዶ ሲሆን፦ ችግርና መፍትሄ ለአንድ የጎንደር ምግብ ቤት

እትዬ፣ ባለፈው ቅዳሜ በረንዳዎ ላይ ቡና እየጠጣን የጠየቁኝን አልረሳሁም። «ፌስቡክ ላይ ሰው ይወደናል። ታዲያ ማታ ማታ ወንበሩ ለምን ባዶ ይሆናል?» አሉኝ። ጉዳዩ በቃል ብቻ የሚያልቅ ስላልሆነ ጽፌ አመጣሁት። ሀሳቤ ይህ ነው። ልጆቹ በየቀኑ የሚለጥፉት አይቋረጥ። በዚያ ላይ ደግሞ ለዘንድሮ ጥምቀት፣ ከጥር 5 እስከ 12፣ ትንሽ ገንዘብ መድበን ማስታወቂያ እንክፈል።

ችግር፦ ላይክ ይበዛል፣ እንግዳ አይመጣም

ያቺን የሸክላ ሽሮ ቪዲዮ ያስታውሷታል። ሽሮው ይንተከተካል፣ ቃሪያው ጣል ይደረግበታል፣ እንፋሎቱ ካሜራውን ያደበዝዘዋል። እስካሁን ከለጠፍነው ሁሉ ብዙ ሰው ያየው እሱን ነው። ከሥሩ የተጻፈውን ሲያነቡት ግን «ናፈቀኝ»፣ «ለሚቀጥለው ዓመት እመጣለሁ»፣ «ዲሲም ክፈቱልን» ነው የሚለው። ከልባቸው ነው የጻፉት። ዛሬ ማታ ግን እራት ሊበሉ አይመጡም።

ምክንያቱ ከገጹ ላይ በዓይን ይታያል። የገጹን Insights ከፍተው Audience የሚለውን ይንኩ፤ ተከታዮችዎ በየትኛው ከተማ እንዳሉ ይዘረዝራል። የእርስዎን አብረን ስናየው ከጎንደር በላይ አዲስ አበባና የውጭ ከተሞች ተቀምጠዋል። ገጽዎን የሚከተለው አንዴ በልቶ የሄደ ሰው ነው፤ ወይም እዚህ አድጎ ሌላ አገር የሚኖር ነው። ለእነሱ መለጠፍ ዝምድናን ያቆያል፤ የዛሬን ወንበር ግን አይሞላም።

ሌላም አለ። ፌስቡክ በጥር 2010 ዓ.ም. የድርጅት ገጾች ከሚለጥፉት ይልቅ የዘመድና የጓደኛን እንደሚያስቀድም አሳውቋል። ስለዚህ የለጠፍነው ለራሳችን ተከታይ እንኳ ሁሉ አይደርስም።

ዋናው ግን የሚመጣው እንግዳ ገና አያውቀንም። ለጥምቀት የመጣው፣ ልጁን ዩኒቨርሲቲ ሊያስመርቅ የመጣው፣ ሆስፒታል በሽተኛ የሚያስታምመው፣ ማንም ገጽዎን አልተከተለም። ፎቶው የቱንም ያህል ቢያምር እሱ ጋ የሚደርሰው በዕድል ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺውን አይቀይሩ፤ ጥፋቱ የሱ አይደለም።

መፍትሄው እዚያው ፌስቡክ ላይ «ይህን አሁን ጎንደር ላለ ሰው አሳይልኝ» ብሎ መክፈል ነው። የሚከፈልበት ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያችው የሽሮ ቪዲዮ ናት። ሰው እንደሚወዳት በነፃ አረጋግጠናል። ያልተሞከረ ፎቶ ላይ ገንዘብ አናፈስም።

ችግር፦ ከዚህ በፊት ከፍለን ምንም አላየንም

አምና አንድ ልጅ ብር ተቀብሎ «ቡስት» አድርጎልዎት ነበር። ላይክ ጎረፈ፣ ስልክ ግን አልጮኸም። ያን ጊዜ የተሠራውን ገብቼ አየሁት። Boost post ተጫነ፣ ቦታው መላው ኢትዮጵያ ተባለ፣ ግቡ ላይክና ኮሜንት ሆነ። ፌስቡክ የጠየቁትን ነው የሚሰጠው። ላይክ ሲጠይቁት ላይክ መጫን የሚወድ ሰው ይፈልጋል፤ ያ ሰው ሞያሌም ይሁን መቀሌ ግድ የለውም።

ስለዚህ Ads Manager በሚባለው የፌስቡክ የማስታወቂያ መሥሪያ በኩል እንሠራዋለን፤ ሦስት ነገር እናስተካክላለን።

ቦታው ላይ የከተማ ስም አንጽፍም። ካርታው ላይ ምግብ ቤቱ ላይ ምልክት ተክለን ዙሪያውን እንወስናለን። 20 ኪሎ ሜትር ካደረግነው አዘዞ አየር ማረፊያ የሚያርፈውም ይገባል። ፌስቡክ ነዋሪውንና እንግዳውን ለይቶ አያሳይም፤ በቦታው የሚኖረውንም በቅርቡ የነበረውንም አንድ ላይ ይይዛል። ለእኛ ችግር የለውም፤ የጎንደር ሰውም እራት ይበላል።

ቋንቋ የሚለውን ባዶ እንተወዋለን። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል። «አማርኛ» ብለው ሲመርጡ ፌስቡክ የሚወስደው ስልኩ ላይ መተግበሪያውን በአማርኛ ያደረገውን ነው። አማርኛ እያነበበ መተግበሪያውን ግን በእንግሊዝኛ የሚጠቀመው ሁሉ ይቀራል። ጽሑፉ በአማርኛ ይሁን፤ ምርጫው ክፍት ይሁን።

ግቡን ከላይክ ወደ ስልክ ጥሪ ቀይረን ከቪዲዮው ሥር Call now የሚል ቁልፍ እናደርጋለን። ቁልፉ ሲነካ የካሸሯ ስልክ ይጮኻል።

ክፍያው በውጭ ምንዛሪ ስለሆነ ለኦንላይን ክፍያ የተፈቀደ የባንክ ካርድ ያስፈልጋል። በሰው ካርድ ከተሠራም ማስታወቂያው በእርስዎ ገጽ ስም ይውጣ፤ ደረሰኙንም ከ Ads Manager ላይ ራስዎ ይዩት። የአምናው ልጅ ስንት እንዳወጣ እስካሁን የምናውቀው ከአፉ ብቻ ነው።

ችግር፦ ሰው ማስታወቂያውን ነክቶ ይመለሳል

ይህ የሚሆነው ልጆቹ መለጠፍ ሲያቆሙ ነው። እንግዳው ቪዲዮውን ካየ በኋላ ወደ ገጹ ይገባል። የመጨረሻው ፎቶ የመስቀል ከሆነ፣ የተጻፈው ስልክ ካልሠራ፣ «ተዘግቶ ይሆናል» ብሎ ይወጣል። የከፈልንበት ሰው በሩ ላይ ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ለዚህ ነው ሁለቱ አብረው ይሂዱ የምለው። ማስታወቂያው ሰውን ያመጣል፤ ቤቱ ክፍት መሆኑን የሚያሳየው የዕለቱ ፎቶ ነው። በነዚያ ቀናት በየጠዋቱ አንድ ፎቶ ይበቃል፤ የዕለቱ ምግብና ዋጋው ይታይ።

የሚለጠፈውም ከቀኑ ጋር ይስማማ። ጥር 10 ከተራ ነው፣ ገሃድ ይጾማል። የዚያን ቀን ክትፎ ብናሳይ ሰው ያዝንብናል። ሽሮዋና በየዓይነቱ ይውጡ። ክትፎውና ጥብሱ ለጥር 11 ይቆዩ፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውልም ጥምቀት ይበላበታል።

ችግር፦ በሦስተኛ በአራተኛ ቀን ይቀዘቅዛል

ጎንደር አዲስ አበባ አይደለችም። በጠባብ ክልል ያንኑ ቪዲዮ ያው ሰው ደጋግሞ ያየዋል። Ads Manager ላይ Frequency የሚለው ቁጥር አንድ ሰው በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ይናገራል። ወደ 4 ሲጠጋና የሚደውለው ሲቀንስ ብር አንጨምርም፤ ቪዲዮውን እንቀይራለን። ከጠዋቶቹ ፎቶዎች ሰው የወደደውን አንስተን እንተካለን።

አንድ ወሰን ግን አለ። ጥር 11 ታቦታቱ ከገቡ በኋላ ቤትዎ ያለ ማስታወቂያም ይሞላል። ያን ቀን ማስታወቂያውን እናጠፋዋለን፤ ቦታ አጥቶ የሚመለስ እንግዳ ከፍሎ መጥራት ትርፍ የለውም። በማግስቱ የቃና ዘገሊላ ማታ መልሰን እናበራለን።

መሥራቱን በምን እናውቃለን?

በላይክ አይደለም። ካሸሯ ትንሽ ደብተር ትያዝ። ሂሳብ ስትቀበል «ቤታችንን በምን አወቁት?» ብላ ትጠይቅ፤ መልሱን በምልክት ትመዝግብ። ከጥር 5 በፊት ያለውን አንድ ሳምንትም ትጻፍ፤ አለዚያ ማነጻጸሪያ የለንም።

ጥር 11 ሲቀር በቀን 3 ዶላር ለ7 ቀን 21 ዶላር ነው። እንበል ደብተሩ ላይ «ፌስቡክ ላይ አይቼ» ያሉ 14 ጠረጴዛዎች ተመዘገቡ። አንድ ጠረጴዛ ለማምጣት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ወጣ ማለት ነው። ከአንድ ጠረጴዛ የሚተርፍዎትን እርስዎ ያውቁታል። ትርፉ ከዚያ ከበለጠ ለፋሲካ እንደግመዋለን፤ ካነሰ እናቆመዋለን፣ ልጆቹ መለጠፋቸውን ይቀጥላሉ።

ፌስቡክ ማስታወቂያውን መርምሮ እስኪፈቅድ አንድ ቀን ሊወስድ ስለሚችል ጥር 4 ከሰዓት በፊት ማስገባት አለብን። ከተስማሙ ካርዱንና የካሸሯን ስልክ ቁጥር እስከ ጥር 3 ያዘጋጁልኝ፤ ደብተሩን እኔ ገዝቼ አመጣለሁ።