በቻርጀር የተያዘው የሥራ ልምዴ

ሥራ ስለቅ የሰው ኃይል ክፍሉ «ክሊራንስ ሳትጨርስ የሥራ ልምድ አንጽፍልህም» አለኝ። የጎደለው አንድ የላፕቶፕ ቻርጀር ነበር! ሁለት ወር ከተመላለስኩ በኋላ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12ን ጠቅሼ ማመልከቻ ጻፍኩ። አንዱን ቅጂ መዝገብ ቤት አስገብቼ በቀሪው ላይ የገቢ ማኅተም አስመታሁ። አንቀጹ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ አሠሪው በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል።

በአራተኛው ቀን ደብዳቤው ወጣ፤ ግን «ንብረት ሳያስረክብ የለቀቀ» የሚል መስመር ታክሎበታል። ይህ ከሦስቱ ውጭ ነው ብዬ መለስኩት፤ መስመሩ ወጥቶ እንደገና ታተመ። ቻርጀሩንም ገዝቼ ተካሁ። ጠባዬንና ትጋቴን የሚያወድስ የድጋፍ ደብዳቤ ግን አልጠየቅኩም፤ እርሱን አንቀጹ አያስገድድም።