ኤአይ ወይስ ካሜራ? ቪዲዮ ከመስራታችሁ በፊት እንዴት እንደሚወሰን

ለአንድ ቡና ቤት የ30 ሰከንድ ማስታወቂያ ሙሉ በሙሉ በኤአይ ልሰራ ተነስቼ ሦስት ሌሊት አቃጠልኩ። መጨረሻ ላይ አብዛኛውን ጥዬ በስልክ ቀረጽኩት። ከዚያ ወዲህ ሥራ ስቀበል እንዲህ ነው የማደርገው።

1. ስክሪፕቱን በሾት ከፋፍሉ። የሚወሰነው ለሙሉ ቪዲዮው ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሾት ነው። ከጎኑ ስንት ሰከንድ እንደሆነ፣ እጅና ጽሑፍ እንዳለው ጻፉ።

2. ርዝመቱን እዩ። ለምሳሌ የጉግል ቪዲዮ ሰሪ ኤአይ ቪዮ 3 በአንድ ጊዜ የሚያወጣው ቢበዛ 8 ሰከንድ ነው። ለማስታወቂያ ይበቃል፤ ሾት ከአራት ሰከንድ ብዙም አያልፍም። ችግሩ ያው ሰው ተመልሶ ሲመጣ ነው። የእኔዋ ቡና አፍይ በመጀመሪያው ክሊፕ የነጠላዋ ጥለት አረንጓዴ ነበር፣ በሁለተኛው ቀይ ሆነ። ሳይቆረጥ የሚናገር ሰው ካለ በካሜራ ቅረጹ።

3. እጁ ምን ይሰራል? የተቀመጠ ወይም ከሩቅ የሚታይ እጅ ብዙ ጊዜ ያልፋል። ዕቃ የሚይዝ እጅ ነው ጣጣው። ጣቶቹ ከጀበናው እጀታ ጀርባ ገብተው ሲወጡ ኤአይ ስንት እንደነበሩ አያስታውስም፣ ይገምታል። አንዴ አውራ ጣቱ ከሸክላው ጋር ተዋህዶ ቀረ። አንዴ ደግሞ ጀበናው ሳያዘነብል ቡናው ወረደ። በሙሉ ፍጥነት ስታዩት ደህና ይመስላል፤ ስለዚህ ጣት የሚሸፈንበትን ቦታ ፍሬም በፍሬም እያቆማችሁ እዩ። እኔ ከሃያ ጊዜ በላይ ሞከርኩ፣ እያንዳንዱ ሙከራ ደግሞ ክሬዲት ይበላል። አሁን አምስት ጊዜ ሞክሬ ካልሆነ አቆማለሁ። ያን ሾት በመጨረሻ የቡና ቤቱ ባለቤት መስኮት አጠገብ ቁጭ ብለው ቡናውን ቀዱልኝ፣ በስልኬ ቀረጽኩ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

4. ጽሑፍ በኤአይ አታጽፉ። አጭር የእንግሊዝኛ ቃል አንዳንዴ ይሳካል። ፊደላችን ግን ከሩቅ አማርኛ ይመስልና ቀረብ ስትሉ የትኛውም ፊደል አይደለም። ስሙንና ዋጋውን ኤዲት ስታደርጉ በላዩ ጻፉ። ማሸጊያው ላይ ጽሑፍ ካለ እውነተኛውን ማሸጊያ ቅረጹ። ከጀርባ ያለ የሱቅ ታፔላም ያጋልጣል፣ ታፔላ የሌለበት ቦታ ምረጡ።

5. የቀረውን ለኤአይ ስጡት። ጉም የለበሰ የቡና ጫካ ከላይ ሲታይ፣ የሚትጎለጎል እንፋሎት፣ ሲንከባለል የሚታይ የቡና ፍሬ፤ እነዚህ ያምራሉ። ለጫካው ድሮን መከራየትና ፈቃድ መጠየቅም ይቀራል። ከዘጠኙ ሾቶቼ ሦስቱ እንደዚህ ተሰሩ። ደንበኛው ግን ጫካው ላይ «ይርጋጨፌ» ብለህ ጻፍበት ሲሉኝ እምቢ አልኩ። ቦታው ይርጋጨፌ አይደለም፣ የትም የለም። እዚያ የሚኖር ሰው ደግሞ ወዲያው ያውቀዋል።