«ደህና ነህ?» የሚለውን ጥያቄ ስንሰማ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አንድ ሰው ወገቡን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይገባል። ሐኪሙ «እንዴት ነህ?» ይለዋል። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።» ቁጭ ብሎ «ምን ሆነህ ነው?» ሲባል ግን «ኧረ ወገቤን! እንቅልፍ ካጣሁ ሳምንቴ ነው» ይላል። ሰውየው አልዋሸም። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰላምታ ነበር፣ ምርመራው የተጀመረው በሁለተኛው ነው።

«መልሱን ካልፈለገው ለምን ይጠይቃል?» ብሎ መቀየም

የሰው ልጅ ባህል አጥኚው ብሮኒስላው ማሊኖውስኪ በ1923 እንዲህ ያለውን ንግግር «ፋቲክ» ብሎ ሰየመው። ሥራው ወሬ ማቀበል ሳይሆን ሰውን ከሰው ማገናኘት ነው። ጥያቄ ለዚህ ይመቻል፤ የተጠየቀ ሰው ዝም ካለ ዝምታው ራሱ ይሰማል። ጤና ደግሞ ማንንም የሚመለከት ጉዳይ ነው። መልሱ ሁሌም አፍ ላይ አለ፣ «አንተስ?» ብሎ መመለስም ይቻላል። ስለ ደመወዝ ግን ያገኙትን ሰው ሁሉ አይጠይቁም።

መልሱን ሳይሰሙ ማለፍ

እኔን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። የንግግር አጥኚው ሃርቪ ሳክስ እንዳስተዋለው «ደህና» የሚለው መልስ ጉዳዩን ይዘጋል። «በጣም ደስ ብሎኛል» ወይም «ኧረ ተወኝ» ካሉት ግን ጠያቂው «ምነው?» ማለት ይጠበቅበታል። ሌላዋ የንግግር አጥኚ ጌይል ጄፈርሰን ደግሞ በ«ደህና» እና በ«ኧረ ተወኝ» መካከል ያሉትን መልሶች መረመረች። በስልክ እንዲህ እንበል፦

«ደህና ነሽ?»
«...አለሁ። ምንም አልል።»

ችግሯን አልተናገረችም፣ በሩን ግን ገርበብ አድርጋ ትታዋለች። ደዋዩ «ምነው፣ ምን ሆንሽ?» ካለ ትከፍተዋለች። «እሺ፣ ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ብሎ ወደ ጉዳዩ ከገባ በሩ ይዘጋል፤ ምናልባትም ለዛሬ ተመልሶ አይከፈትም። ምልክቶቹ ትንንሽ ናቸው፦ ከመልሱ በፊት ያለችው ዝምታ፣ የወረደ ድምፅ፣ «አንተስ?» መቅረቱ። አንዳንድ ሰው ግን ሁሌም «አለሁ» ነው የሚለው። ስለዚህ መልሱን የሚያወዳድሩት ከራሱ ከሰውየው ልማድ ጋር ነው።

ችግርን ሁሉ በመጀመሪያው መልስ ማፍሰስ

ጠያቂው ገና ሰላም እያለ ነው፣ ለመስማት አልተዘጋጀም። «ደህና፣ ግን አንድ ነገር ላማክርህ ነበር» ቢሉት ይዘጋጃል።

ሁሉም ቋንቋ ጤናን ይጠይቃል ማለት

የሩሲያኛው «ዝድራስትቩይ» ትእዛዝ ነው፦ «ጤነኛ ሁን»። በቻይንኛ «በልተሃል?» ሰላምታ ይሆናል። በሳሞአ «ወዴት ትሄዳለህ?» ይባላል፤ የቋንቋና የባህል አጥኚው አሌሳንድሮ ዱራንቲ እንዳሳየው እዚያ ጠያቂው መልሱን የምር ሊፈልገው ይችላል፣ የተጠየቀውም መንገድ ላይ ለምን እንደተገኘ ማስረዳት ሊኖርበት ይችላል።