የተከተፈው በኩባያ፣ ግዢው በኪሎ
የምግብ አሠራሩ 4 ኩባያ የተከተፈ ሽንኩርት ይላል፤ የምገዛው ግን በኪሎ ነው። መጀመሪያ በፍሬ ቆጥሬ ገዛሁ፤ ትንንሽ ስለነበሩ አነሰኝ። ቀጥሎ ኩባያውን እንደ ውሃ 240 ግራም ብዬ አሰብኩት። አሁን ደግሞ ተረፈኝ። ለካ በቁርጥራጮቹ መሀል አየር አለ።

በመጨረሻ ባዶውን ኩባያ ሚዛን ላይ አድርጌ ዜሮ አልኩት፤ ከዚያ ከትፌ ሳልጠቀጥቅ ሞላሁት። ሽንኩርት 160 ግራም ገደማ መዘነ፣ ቲማቲም 180፣ ካሮት 130።

ልጣጩም አለ። ከሽንኩርት አንድ አሥረኛ ያህሉ ይጣላል። ስለዚህ የ4 ኩባያውን 640 ግራም ለ0.9 ሳካፍል 711 ወጣ። 750 ገዛሁ፤ በቃኝ። ካሮት ሲላጥና ጫፉ ሲቆረጥ የበለጠ ስለሚጠፋ ለ0.85 አካፍላለሁ። ከቲማቲም ብዙም አይጣልም። በጣም ካደቀቃችሁት ግን ኩባያው የበለጠ ይይዛል፤ ያኔ አንድ ኩባያ እንደገና መዝኑ።